መግቢያው ሌላ፣ አንቀጹ ሌላ

የቤት ሽያጭ ውል የሚያነብ ሰው ዓይኑ ቶሎ የሚሮጠው ወደ ሁለት ቦታ ነው፤ ወደ ዋጋው እና ወደ መፈረሚያው። ከላይ ያለውን፣ «…ስለሆኑ፤ …ስለተስማሙ፤» እያለ የሚወርደውን ክፍል ግን እንደ ሰላምታ ቆጥሮ ያልፈዋል። ይህ ክፍል መግቢያ ወይም መንደርደሪያ ይባላል። ተዋዋዮቹ እነማን እንደሆኑ፣ ምን እንዳላቸው፣ ምን እንደፈለጉ እና እስከዚያ ቀን ድረስ በመካከላቸው ምን እንደተደረገ ይናገራል። ቀጥሎ የሚመጡት አንቀጾች ደግሞ ከዚያ ቀን ጀምሮ ማን ምን ማድረግ እንዳለበት ያዛሉ። አንዱ የሆነውን ይተርካል፣ ሌላው የሚሆነውን ይደነግጋል። ጣጣ የሚመጣው ሁለቱ ስለ አንድ ነገር ሁለት ነገር ሲናገሩ ነው።

ለዓመታት የሰው ውል ሳነብ ደጋግመው ያገኘኋቸውን ስህተቶች በአንድ ውል ውስጥ ሰብስቤ ላሳያችሁ። ውሉ ለዚህ ጽሑፍ የተዘጋጀ ማሳያ ነው። ሻጩ አዲስ አበባ የሚኖሩ ባለትዳር ናቸው። ገዢዋ አሜሪካ ይኖራሉ፤ እዚህ ያለው ወንድማቸው በውክልና ይፈርምላቸዋል። መግቢያው እንዲህ ይላል፦

«ሀ) ሻጭ በ140 ካሬ ሜትር ይዞታ ላይ የተሠራ መኖሪያ ቤት ባለቤት ስለሆኑ፤
ለ) ገዢ ይህንኑ ቤት በብር 8,500,000 ለመግዛት ስለተስማሙ፤
ሐ) ገዢ የካቲት 25 ቀን 2016 ዓ.ም በሰጡት ውክልና መሠረት በወኪላቸው አማካይነት ብር 1,000,000 ቀብድ ስለከፈሉ፤
መ) ሻጭ ቤቱን ከማስረከባቸው በፊት የውሃና የመብራት ዕዳ ከፍለው የሚጨርሱ ስለሆነ፤
ተዋዋዮቹ ከዚህ በታች በተመለከተው መሠረት ተስማምተዋል።»

ወረድ ብለን አንቀጾቹን እንይ። አንቀጽ 3 ዋጋው ብር 8,200,000 ነው ይላል። አንቀጽ 4 «በቅድሚያ የተከፈለው ብር 1,000,000 ከሽያጩ ዋጋ ላይ ይታሰባል» ይላል። አንቀጽ 7 ወኪሉ የፈረሙት መጋቢት 25 ቀን 2016 ዓ.ም በተሰጠ ውክልና እንደሆነ ይገልጻል። ስለ ውሃና መብራት ዕዳ የሚናገር አንቀጽ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የለም። በአምስት አጫጭር የመግቢያ መስመሮች ውስጥ አራት ቦታ ላይ ተጣልተዋል። አራቱም የተለያየ ዓይነት ጥል ስለሆነ አንድ በአንድ ማየቱ ይጠቅማል።

ከዋጋው እንጀምር፤ ምክንያቱም ይህ ሁሉም ሰው የሚያውቀው ዓይነት ነው። ሻጩ ስምንት ሚሊዮን ተኩል ጠየቁ፣ ረቂቁ በዚያ ዋጋ ተጻፈ። በኋላ ድርድር ተደርጎ ሦስት መቶ ሺህ ብር ቀነሱ። ጸሐፊው አንቀጽ 3ን ከፍቶ ቁጥሩን አስተካከለ። መግቢያውን ግን ማንም አላስታወሰውም። በመጨረሻ ሰዓት የተደረገ ለውጥ ሁልጊዜ የሚጻፈው ሰዎቹ በተከራከሩበት አንቀጽ ላይ ነው፤ መግቢያው ላይ ማንም ስላልተከራከረ የድሮውን ቁጥር እንደያዘ ይቀራል። ስለዚህ ውሉ ውስጥ የተቀየረ ነገር ካለ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት መግቢያው ነው።

ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ ምን ይሆናል? በ1952 ዓ.ም የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1733 የውሉ ቃል ግልጽ ከሆነ ዳኞች ከዚያ ርቀው በትርጉም የተዋዋዮቹን ሐሳብ ሊፈልጉ እንደማይችሉ ይደነግጋል። ቁጥር 1734 ደግሞ ቃሉ አሻሚ ከሆነ የተዋዋዮቹ የጋራ ሐሳብ ይፈለጋል ይላል። አንቀጽ 3 ለብቻው ሲነበብ ግልጽ ነው። መግቢያው ላይ ያለው «ለ» ም ለብቻው ሲነበብ ግልጽ ነው። ሁለቱ በአንድ ወረቀት ላይ ሲቀመጡ ግን ግልጽነታቸው ይጠፋል፤ ሻጩም ዋጋው ስምንት ሚሊዮን ተኩል ነው ብለው የሚከራከሩበት፣ በገዢዋ ፊርማ የጸና መስመር በእጃቸው አላቸው። ላያሸንፉ ይችላሉ። ግን ክርክሩን መክፈት ይችላሉ፣ ክርክሩ ደግሞ በራሱ ገንዘብና ዓመት ይበላል።

እንግሊዞች ለዚህ የቆየ መፍትሔ አላቸው። በ1886 እ.ኤ.አ. ሎርድ ኢሸር የተባሉት ዳኛ በአንድ የኪሳራ ጉዳይ ላይ ሦስት መመሪያ አስቀምጠዋል። መግቢያው ግልጽ ሆኖ አንቀጹ አሻሚ ከሆነ መግቢያው አንቀጹን ይተረጉመዋል። መግቢያው አሻሚ ሆኖ አንቀጹ ግልጽ ከሆነ አንቀጹ ይገዛል። ሁለቱም ግልጽ ሆነው ከተጋጩም አንቀጹ ይበልጣል። በእንግሊዝ ሕግ የሚገዛ የንግድ ውል የሚፈርም ሰው ይህን ማወቅ አለበት። የእኛ ሕግ የውል ትርጉም ክፍል ግን ስለ መግቢያ ለይቶ የሚናገር እንዲህ ያለ ቀመር የለውም። ስለዚህ «ችግር የለም፣ አንቀጹ ይበልጣል» ብሎ ተማምኖ መፈረም ትክክል አይመስለኝም።

ሁለተኛው ጥል ከዋጋው ይበልጥ ያስፈራኛል፤ ምክንያቱም ቁጥሩ አንድ ነው። መግቢያውም አንቀጽ 4ም አንድ ሚሊዮን ብር ይላሉ። የሚለያዩት በስሙ ነው፤ መግቢያው ቀብድ ይለዋል፣ አንቀጹ በቅድሚያ የተከፈለ ይለዋል። በሰፈር ቋንቋ ሁለቱ አንድ ናቸው። «ቀብድ አስይዣለሁ» የሚለው ሰው ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ክፍያ ከፍያለሁ ማለቱ ነው። በሕጉ ግን ቀብድ የራሱ ውጤት አለው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት፣ ተቃራኒ ስምምነት ከሌለ፣ ቀብድ የሰጠው ወገን ቀብዱን ለቆ ውሉን ማፍረስ ይችላል፤ ቀብድ የተቀበለውም እጥፉን መልሶ ማፍረስ ይችላል።

በዚህ ውል ላይ አስቡት። ከፊርማው ከሁለት ወር በኋላ የቤት ዋጋ ቢንርና ሻጩ የተሻለ ገዢ ቢያገኙ፣ መግቢያውን ይዘው «የተቀበልኩት ቀብድ ነው፤ ሁለት ሚሊዮን ብር መልሼ ውሉን አፈርሳለሁ» ይላሉ። ገዢዋ በበኩላቸው አንቀጽ 4ን ይዘው «ይህ የዋጋው ክፍል ነው፤ ለማፍረስ መብት የሚሰጥ ነገር የለም፣ ቤቱን ያስረክቡኝ» ይላሉ። አንዲት ቃል ሰውን ቤት ልታሳጣ ወይም ቤት ልታስገኝ ትችላለች ማለት ነው። ቁጥር ለቁጥር ብቻ የሚያመሳክር አንባቢ ይህን ፈጽሞ አያገኘውም፤ አንድ ሚሊዮንን ከአንድ ሚሊዮን ጋር አይቶ ምልክት አድርጎ ያልፋል። ለዚህ ነው ማመሳከሩ ሁለት ጊዜ መደረግ ያለበት፤ አንዴ ለቁጥሩ፣ አንዴ ለስሙ። መግቢያው «ቤት» ካለ አንቀጹ ስንት ቦታ «ቤት»፣ ስንት ቦታ «ይዞታ»፣ ስንት ቦታ «ንብረት» እንዳለ መቁጠር ነው። መግቢያው ላይ «ቤትና መሬቱን ለመሸጥ» የሚል ካገኛችሁ ደግሞ ወዲያው ቁሙ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም፤ አንቀጹ ቤት ሲል መግቢያው መሬት የሚሸጥ አስመስሎ ከጻፈ ውሉ በገዛ አፉ ራሱን ለጥያቄ ያጋልጣል።

ወደ ውክልናው ቀን እንሂድ። ገዢዋ ውክልናውን ያዘጋጁት አሜሪካ ነው፤ ሰነዱ ላይ ያለው ቀን 04/03/2024 ይላል። አሜሪካኖች ወሩን ያስቀድማሉ፤ ስለዚህ ቀኑ ኤፕሪል 3 ነው፣ በእኛ መጋቢት 25 ቀን 2016 ዓ.ም። መግቢያውን የጻፈው ሰው ግን እንደለመደው ቀኑን አስቀድሞ አነበበው፤ ማርች 4 አለና ወደ የካቲት 25 ቀየረው። አንቀጽ 7ን የጻፈው ሌላ ሰው፣ ወይም ያው ሰው በሌላ ቀን፣ በትክክል ቀየረው። ሁለቱም «25» ስለሚሉ በችኮላ ለሚያነብ ዓይን አንድ ይመስላሉ። አሁን ውሉ የሚጠቅሰው ሁለት ውክልና ሊመስል ነው፤ አንዱ ያለ፣ አንዱ የሌለ። የወኪልን ሥልጣን የሚጠራጠር ሰው ከዚህ የተሻለ መነሻ አያገኝም።

ከዚህ ሌላ ትምህርት ይወጣል። መግቢያውን ከአንቀጹ ጋር ብቻ ብናመሳክር ኖሮ ልዩነቱን እናገኛለን እንጂ የትኛው ትክክል እንደሆነ አናውቅም። ሁለቱም ተሳስተው ተስማምተው ቢሆን ኖሮ ደግሞ ጭራሽ አናገኘውም ነበር። ስለዚህ ምንጩ ሰነድ ጠረጴዛው ላይ መኖር አለበት፤ ካርታው፣ ውክልናው፣ መታወቂያው፣ የባንክ ደረሰኙ። የይዞታው ስፋት 140 ካሬ ሜትር መሆኑን የሚናገረው ካርታው ነው፤ መግቢያውም አንቀጹም የካርታው ግልባጭ ናቸው።

አራተኛው ጥል ዝም ያለ ነው። መግቢያው በ«መ» ላይ ሻጩ የውሃና የመብራት ዕዳ እንደሚከፍሉ ይናገራል፣ አንቀጾቹ ግን ምንም አይሉም። ይህ ግጭት ሳይሆን ጉድለት ነው። ግዴታ ቦታውን ስቶ ታሪክ የሚተረክበት ክፍል ውስጥ ገብቷል። ሻጩ ዕዳውን ሳይከፍሉ ቢያስረክቡ ገዢዋ የትኛውን አንቀጽ ጥሰዋል ሊሏቸው ነው? መቼ መክፈል ነበረባቸው፣ ካልከፈሉስ ከዋጋው ላይ ይቀነሳል ወይ? መግቢያው ይህን አይመልስም። ለማወቂያ ቀላል ዘዴ አለ፤ የመግቢያውን ግሦች ብቻ ነጥላችሁ አንብቡ። «የሆኑ»፣ «የተስማሙ»፣ «የከፈሉ» የሚሉት ያለፈ ነገር ይነግራሉ፣ ቦታቸው ነው። «የሚጨርሱ»፣ «የሚያስረክቡ»፣ «የሚከፍሉ» ካገኛችሁ ግን ያ ዓረፍተ ነገር ወደፊት የሚደረግ ነገርን የያዘ ነውና ወደ አንቀጾቹ መውረድ አለበት።

ይህ ውል እስካሁን ያልነካሁት አምስተኛ ነገርም አለው፤ እርሱ የቋንቋችን ጉዳይ ነው። መግቢያው «ሻጭ… ባለቤት ስለሆኑ» ይላል። «ስለሆኑ» አንቱታ ነው ወይስ ብዙ ቁጥር? አማርኛ ሁለቱን በአንድ መልክ ያስኬዳል። ሻጩ ባልየው ብቻ ናቸው ወይስ ባልና ሚስት? በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በአንቀጽ 68 የጋራ የማይንቀሳቀስ ንብረትን ለመሸጥ የሁለቱን ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። ስለዚህ ይህ የሰዋስው ጥያቄ ብቻ አይደለም። መግቢያው የባልየውን ስም ብቻ ጽፎ «ከዚህ በኋላ ሻጭ እየተባሉ የሚጠሩት» ካለ፣ ከታች ግን ሁለቱም ፈርመው «ሻጮች ተቀብለዋል» የሚል አንቀጽ ከመጣ፣ «ሻጮች» እነማን እንደሆኑ ውሉ አልተናገረም። ሚስትየው የፈረሙት እንደ ሻጭ ነው፣ እንደ ፈቃጅ ነው ወይስ እንደ ምስክር? መድኃኒቱ መግቢያው ላይ ሁለቱንም በስም ጠርቶ «ሁለቱም በአንድነት ሻጮች ተብለው የሚጠሩት» ብሎ መጻፍ፣ ከዚያ ውጭ «ሻጭ» የሚለውን ነጠላ ቃል ከውሉ ውስጥ ጨርሶ ማውጣት ነው። በገዢ በኩልም ያው ነው፤ ገዢዋ እኅትየው ናቸው፣ ወንድም ወኪል ብቻ ነው። አንድ አንቀጽ ላይ ወንድምን «ገዢ» ብሎ የጠራ ውል ስመ ንብረቱ በማን ስም እንደሚዞር ጥያቄ ያስነሳል።

ስም ላይ እያለን፣ ፊደላችን ራሱ የሚሠራው ሥራ አለ። ፀሐይ የሚባል ስም መግቢያው ላይ በፀሐዩ «ፀ»፣ አንቀጹ ላይ በጸሎቱ «ጸ» ሊጻፍ ይችላል። «ኃይሉ»፣ «ሐይሉ»፣ «ሀይሉ» ለጆሯችን አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሦስት የተለያዩ ቃላት ናቸው። `Ctrl+F` ተጭኖ «ፀሐይ» ብሎ የሚፈልግ ሰው «ጸሐይ» የተጻፈበትን ቦታ አያገኝም፤ ባለማግኘቱም «ሁሉም ተስተካክሏል» ብሎ ይደመድማል። ስለዚህ በስም ላይ በማሽን መፈለጊያ አልተማመንም። መታወቂያውን አጠገቤ አስቀምጬ፣ ስሙ በተነሳበት ቦታ ሁሉ ፊደል በፊደል በጣቴ እየጠቆምኩ አነባለሁ።

አሠራሬ እንዲህ ነው። ውሉን በወረቀት አሳትማለሁ። በሌላ ነጭ ወረቀት ላይ ሦስት ዓምድ እሠራለሁ። በግራ ከመግቢያው ያገኘሁትን እያንዳንዱን ነገር በራሱ ቃል እገለብጣለሁ፤ ስም፣ ቀን፣ ቁጥር፣ የነገሩ መጠሪያ። ቃሉን ማሳጠር የለም፤ «ቀብድ» ካለ «ቀብድ»፣ «ክፍያ» ካለ «ክፍያ» ነው የምጽፈው። በመካከለኛው ዓምድ ያው ነገር በአንቀጾቹ ውስጥ የተነሳበትን ቁጥርና እዚያ የተጻፈበትን ቃል አሰፍራለሁ። በቀኝ ምንጩ ሰነድ የሚለውን። ለማሳያችን ውል የዋጋው መስመር በግራ 8,500,000፣ በመካከል «አንቀጽ 3፣ 8,200,000»፣ በቀኝ ተዋዋዮቹ በመጨረሻ የተስማሙበትን ቁጥር ይይዛል። የውሃና መብራቱ መስመር መካከለኛው ባዶ ይሆናል፤ ባዶነቱ ራሱ ስህተቱን ይናገራል። ከዚያ በተቃራኒው እሄዳለሁ፤ ከአንቀጾቹ ተነስቼ መግቢያው ላይ ያልተነሳ ነገር አለ ወይ ብዬ አያለሁ። ባለ ስድስት ገጽ የቤት ውል ሁለቱም ጉዞ ተጨምሮ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስድብኛል።

የተገኘውን ስህተት ለማስተካከል ብዙ ሰው ሁለቱን ቦታ አንድ ዓይነት ቁጥር ያደርጋቸዋል። ይሠራል፤ እኔ ግን ከአንዱ ቦታ ማውጣቱን እመርጣለሁ። ዋጋው አንቀጽ 3 ላይ ካለ መግቢያው «በአንቀጽ 3 በተመለከተው ዋጋ ለመግዛት ስለተስማሙ» ቢል ይበቃዋል። ዋጋው አሥር ጊዜ ቢቀየር መግቢያው ሊዋሽ አይችልም። ቀንና የካርታ ቁጥርም እንዲሁ አንድ ቦታ ብቻ ይጻፉ። አንዳንድ ውሎች ደግሞ «መግቢያው የዚህ ውል አካል ነው» የሚል አንቀጽ ያስገባሉ። ይህ አንቀጽ የሚጠቅመው መግቢያው ከጸዳ ብቻ ነው። መግቢያው ሳይመሳከር ከገባ ግን ስህተቱን ከተራኪነት አውጥቶ ከአንቀጾቹ እኩል ክብደት ይሰጠዋል፤ እንዲህ ያለውን አንቀጽ ያየሁበትን ውል መግቢያ ከሌላው ይልቅ ደግሜ አነባለሁ።

ይህ ሁሉ ከፊርማ በፊት ነው። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ እንዲሆን፣ በውልና ማስረጃ ወይም በፍርድ ቤት ፊት እንዲደረግ ሕጉ በቁጥር 1723 ያዛል። ቁጥር 1722 ደግሞ በልዩ አሠራር የተደረገ ውል የሚለወጠው በዚያው አሠራር እንደሆነ ይናገራል። ስለዚህ ከተፈረመ በኋላ የተገኘ የመግቢያ ስህተት በእስክሪብቶ ተሰርዞ፣ ጎኑ ላይ አጭር ፊርማ ተደርጎ አይታረምም። ሁለቱ ወገኖች እንደገና ተስማምተው፣ የማሻሻያ ውል አዘጋጅተው፣ ወደዚያው ቢሮ መመለስ አለባቸው። ዋጋ በናረበት ወር ሻጩ ለዚያ ቀጠሮ ላይመጡ ይችላሉ፤ ገዢዋ ደግሞ ውክልናው ማሻሻያ ለመፈረም የማይበቃ ከሆነ ሌላ ውክልና ከአሜሪካ መላክ ይኖርባቸዋል። ውሉ በእጅዎ ካለና ገና ካልተፈረመ፣ ውልና ማስረጃ ወንበር ላይ ተራ እየጠበቁ ሳይሆን በዋዜማው ማታ ቤትዎ ተቀምጠው፣ ካርታውንና መታወቂያውን አጠገብዎ ዘርግተው፣ ከ«ሀ» ጀምረው ያንብቡት።